የመቶ ሺሕ ብሩን ጣሪያ ለምን ትደብቁናላችሁ?

«ያስቀመጣችሁት ገንዘብ በሙሉ መድን አለው፤ ባንኩ አንድ ነገር ቢሆን እንኳን አንድ ሳንቲም አትጎድልባችሁም።»

ይህን የተናገሩት በቅርቡ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ለነጋዴዎች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የተገኙ አንድ የባንክ ኃላፊ ናቸው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «ጣሪያ የለውም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ መጠኑን መዘርዘር ሕዝቡን ከማሸበር በቀር ጥቅም እንደሌለው ገልጸው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ጠያቂውም መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ።

ጣሪያ አለው። የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ የተቋቋመበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከወጣበት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሽፋኑ ለአንድ አስቀማጭ፣ በአንድ ተቋም ውስጥ፣ እስከ 100,000 ብር ነው። ገንዘቡም ከመንግሥት ካዝና የሚወጣ ሳይሆን ባንኮችና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በየዓመቱ ከተቀማጫቸው አማካይ መጠን 0.3 በመቶ እየታሰበ ከሚከፍሉት ዓረቦን የሚጠራቀም ነው። አስቀማጩ በቀጥታ የሚከፍለው ነገር የለም። «አንድ ሳንቲም አትጎድልባችሁም» የሚለው ተስፋ በየትኛውም አንቀጽ ላይ አልተጻፈም።

ነገሩ በአንድ ነጋዴ ሒሳብ ቢታይ ይሻላል። ከመተማ በኩል የመጣለትን ሰሊጥ ሸጦ ገንዘቡን ጎንደር ያስገባ ሰው እናስብ። ፒያሳ ባለው ቅርንጫፍ በቁጠባ ሒሳብ 240,000 ብር፣ አዘዞ ባለው የዚያው ባንክ ቅርንጫፍ በንግድ ፈቃዱ በከፈተው ተንቀሳቃሽ ሒሳብ 150,000 ብር፣ እንዲሁም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ 60,000 ብር አለው። ሦስት ደብተር፣ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ድምሩ 450,000 ብር መሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዚህን ባንክ ፈቃድ ቢሰርዝ ፈንዱ የሚቆጥረው ደብተሩን ወይም ቅርንጫፉን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ማኅበር ያላቋቋመ ግለሰብ ነጋዴ ደግሞ በንግድ ፈቃዱ የከፈተው ሒሳብም የራሱ ነው። ሦስቱ ሒሳቦች ተደምረው እንደ አንድ ስለሚታዩ ከፈንዱ የሚያገኘው 100,000 ብር ብቻ ይሆናል። የቀረው 350,000 ብር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ነጋዴው ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ የባንኩ ሕንፃና ብድር ተሰብስቦ እስኪከፋፈል ሊጠብቅ ይገደዳል። መቼ እንደሚያገኝ፣ ምን ያህሉንስ እንደሚያገኝ የሚወስነው የባንኩ ንብረት እንጂ መድኑ አይደለም።

ይኸው ሰው የዚያኑ ባንክ አክሲዮን ገዝቶ ከሆነ አክሲዮኑ ተቀማጭ ስላልሆነ መድን አይመለከተውም፤ ባለአክሲዮን እንዲያውም ከሰልፉ መጨረሻ የሚቆም ነው። በሰፈሩ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያስቀመጠውም እንዲሁ ከሽፋኑ ውጭ ነው፤ የፈንዱ አባላት ባንኮችና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ናቸውና። በሌላ በኩል አብቁተ ወደ ጸደይ ባንክ ከተቀየረ በኋላ እዚያው የቀረ 90,000 ብር ቢኖረው ይህ ሌላ ተቋም ስለሆነ የራሱ 100,000 ብር ጣሪያ አለው፤ ከመጀመሪያው ባንክ ጋር አይደመርም። ያንን 450,000 ብር ከመጀመሪያው ለአምስት ባንኮች 90,000፣ 90,000 አድርጎ ቢያካፍለው ኖሮ ሙሉው በሽፋኑ ውስጥ ይገባ ነበር። ኃላፊው ሊነግሩት ያልፈለጉት ነገር ይህ ነው፤ ለምን እንዳልፈለጉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሽብሩ ልምጣ። ጣሪያውን ማወቅ ሰውን ወደ ባንክ በር ያስሮጣል የሚለው መከራከሪያ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ ተፈትኖ ወድቋል። ኖርዘርን ሮክ የተባለው ባንክ ከማዕከላዊ ባንኩ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር መጠየቁ መስከረም ወር ላይ ሲሰማ ደንበኞች በየቅርንጫፉ ተሰለፉ። በወቅቱ የነበረው መድን የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 33,000 ፓውንድ ደግሞ 90 በመቶ ብቻ የሚሸፍን ነበር። ሰልፉ የተበተነው ባለሥልጣናቱ ዝም በማለታቸው አይደለም፤ መንግሥት በባንኩ ያለው ተቀማጭ እንደማይነካ በግልጽ ካወጀ በኋላ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም እስከ 35,000 ፓውንድ ድረስ መቶ በመቶ እንዲሸፈን ተደረገ። ሰውን ያስሮጠው ሽፋኑ ጎደሎ መሆኑ እንጂ ሽፋኑን ማወቁ አልነበረም። የኛው ኃላፊ ግን ጎዶሎውን ትተው ዕውቀቱን ሊያጠፉ ይሻሉ።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የመድን ሽፋን ጣሪያ የሚደረግበት ምክንያት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ትንሹ አስቀማጭ ተጠብቆ ይደር፣ ብዙ ገንዘብ ያለው ግን ባንኩን ይመርምር፣ ያበደረውን ለማን እንዳበደረ ይጠይቅ፣ ከመጠን ያለፈ ወለድ ሲቀርብለት ይጠርጥር ነው የሚባለው። ስለዚህ ጣሪያው ሥራውን የሚሠራው ከጣሪያው በላይ ያለው ሰው መኖሩን ሲያውቅ ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ብር ያለውን ነጋዴ «ሁሉም ተሸፍኗል» ብላችሁ ካስተኛችሁት በኋላ ባንኩ ሲወድቅ «አንተ እኮ ልትመረምር ይገባህ ነበር» ልትሉት ነው? ሥጋቱን አሸክማችሁት ማወቁን መከልከል በየትኛውም የገንዘብ ሥርዓት ጥንቃቄ ተብሎ አይጠራም። መርማሪ አድርጋችሁ ሾማችሁት፣ ዓይኑን ግን ሸፈናችሁት፤ ከዚያም መረጋጋት ነው ትላላችሁ። ወይ ጣሪያውን አንሱና ሁሉንም ሸፍኑ፣ ወይ ጣሪያውን በባንኩ በር ላይ ለጥፉ፤ ሁለቱንም ሳያደርጉ በቃል ብቻ ማጽናናት ደንበኛን ማሳሳት ነው።

አብዛኞቹ አስቀማጮች ከ100,000 ብር በታች የሚያስቀምጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ለእነርሱ ይህ መድን በቂ ነው። ይሁንና በ2013 ዓ.ም. የተቆረጠው 100,000 ብር ዛሬ ያው 100,000 ብር አይደለም። ደንቡ ሲወጣ ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ1,000 ዶላር በታች ወርዷል። ጎረቤታችን ኬንያ የራሷን ጣሪያ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ100,000 ሽልንግ ወደ 500,000 ሽልንግ ከፍ አድርጋለች። በቁጥር የቆመ ጣሪያ ማንም ሳይነካው በዋጋ ንረት ብቻ በየዓመቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ መጠኑ በየተወሰነ ጊዜ እንዲከለስ በግልጽ ሊደነገግ ይገባል።

እስከዚያው ግን ለየቅርንጫፉ አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ሒሳብ በሚከፈትበት መስኮት አጠገብ ይለጠፍና «ለአንድ ሰው፣ በዚህ ባንክ ባሉት ሒሳቦች ድምር ላይ፣ እስከ 100,000 ብር ብቻ፤ አክሲዮን አይጨምርም» ይበል። የማተሚያ ዋጋውን ባንኮቹ ከዓረቦናቸው ጎን ሳይሰማቸው ይከፍሉታል።