የፌስታሉ ጀግና

«ላሳወቁት ወጪ ደጋፊ ማስረጃ ያቅርቡ» የሚል ደብዳቤ ከገቢዎች ሲደርሰው የደሴ ፒያሳው ባለ ሱቅ የሚያሳየው እርጋታ ያስቀናል። ደብዳቤውን አጥፎ ከሂሳብ ማሽኑ ሥር ይሸጉጠዋል። ቀነ ገደቡ አንድ ቀን ሲቀረው የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይነሳል። ዝርዝር የለ፣ ድምር የለ። ኦዲተሩ ይደምር እንጂ፤ ደመወዝ የሚበላው ለምን ሆነና!

የፌስታሉ ጥበብ ደግሞ ለብቻው ነው። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ከርሞ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ላስቲክ ውስጥ ታጭቆ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። ጀግናችንም ነጭ ወረቀት በኩራት ያቀርባል። በገዛበት ዕለት ኮፒ አስነስቶ ከዋናው ጋር ቢያያይዝ ኖሮ ይነበብ ነበር፤ እሱ ግን ቆጣቢ ነው።

ቸርነቱም አይረሳ። በወር 8,000 ብር ኪራይ እየከፈለ ለዓመት 96,000 ብር ወጪ አስመዝግቧል። አከራዩ ግብር እንዳይበዛባቸው ግን ውሉን በ5,000 ብር ፈርሞላቸዋል። በውሉ ሲሰላ 60,000 ብር ነው፤ በሌላ ወረቀት ያልተደገፈው 36,000 ብር እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይታሰብበታል። ውለታው ለአከራዩ፣ ግብሩ ለእሱ። (አከራዩ ለበዓል በግ ይልኩለት ይሆናል።) ከኮምቦልቻ ዕቃ ላመጣለት አይሱዙም የከፈለው ያለ ደረሰኝ፣ በቃል ብቻ ነው። «ሁሉም ያውቃል እኮ» ይላል። ወጪን የማስረዳት ሸክሙ ግን በሕጉ የወደቀው በግብር ከፋዩ ላይ እንጂ «ሁሉም» በሚባለው ሰው ላይ አይደለም። የመብራቱ ቆጣሪ ለቤቱም ለሱቁም አንድ ነው፤ እሱም እንጀራ የተጋገረበትን ሳይቀር የንግድ ወጪ አድርጎ ሙሉውን አቅርቧል።

ጎረቤቱ ግን ነገር ያበዛሉ። ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተጠየቀበትን የግብር ዘመን መልሳቸው አናት ላይ ጻፉ። ግዥውን፣ ኪራዩንና ማጓጓዣውን ለየብቻ አደረጉ። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ቀኑን፣ የሻጩን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የደረሰኙን ቁጥርና የብሩን መጠን ዘረዘሩ። የየአንዳንዱን ድምር ባሳወቁት ቁጥር ላይ ገጠሙት፤ ደረሰኝ የጠፋበትንም ሳይጠየቁ «ይህ የለኝም» ብለው አሰፈሩ። ጊዜው ባይበቃቸው ኖሮ ገደቡ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ሊጠይቁ ሁሉ ተዘጋጅተው ነበር። ኮፒውን አስገብተው፣ ዋናውን ለማመሳከሪያ በእጃቸው ይዘው፣ ቀሪያቸው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተም አስመትተው ወጡ።

እንዴት ያለ ጣዕም የሌለው ኑሮ ነው! ኦዲተሩ ምንም የሚጠይቃቸው አጣ። የእኛ ጀግና ግን ኮሪደሩ ላይ ፌስታሉን ታቅፎ ለሚያልፈው ሁሉ «እዚህ ቤት የምታውቀው ሰው የለም?» እያለ እየተጫወተ ነው።