አንድ ቀን የሳተ ትርጉም

«ለትምህርት ወደ ጣሊያን ልሄድ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቴንና ዲፕሎማዬን አፖስቲል አስደርጊ ተብያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የት ነው የሚሠራው?»

የትም አይሠራም። አፖስቲል በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሄግ የተደረገው ስምምነት አባል አገሮች እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉት ማረጋገጫ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ጽሑፍ እስከጻፍሁበት ጊዜ ድረስ አባል አይደለችም። እኛ ዘንድ ሥራው በቅብብል ይሄዳል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይተረጎማል፣ ትርጉሙ ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀርባል፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ። ዲፕሎማ ከሆነ ከውጭ ጉዳይ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ። ኤምባሲዎች የሚጠይቁት ይለያያልና አንድ ብር ከማውጣትሽ በፊት ቅደም ተከተሉን ከኤምባሲው ጠይቂ።

ከወረፋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትርጉሙ ነው። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ለተቀመጠው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው፤ አፖስቲልም ቢሆን ከዚህ አያልፍም። ትርጉሙ ላይ የገባ ስህተት ስለዚህ ማንም ሳይነካው እስከ ኤምባሲው ይደርሳል።

በእህቴ ልጅ የደረሰው ይኸው ነው። የተወለደችው ጥር 10 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ተርጓሚው «ጃንዋሪ 18፣ 1996» ብሎ ጻፈ፤ ፓስፖርቷ ደግሞ ጃንዋሪ 19 ይላል። ትክክሉ ፓስፖርቱ ነበር። 1987 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ የ1988 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መዋሉ ቀርቶ በ12 ዋለ። ይህች የአንድ ቀን መንሸራተት እስከ የካቲት 21 ትቀጥላለች፣ በማግስቱ የካቲት 22 ከማርች 1 ጋር ይገጥምና ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ ለመዱት ቦታ ይመለሳሉ። ተርጓሚው የሌላውን ዓመት ሠንጠረዥ ይዞ ቆጠረ። ልጅቱ ማኅተሞቹን ሁሉ ካስመታች በኋላ ዩኒቨርሲቲው «ሰነዱና ፓስፖርቱ የአንድ ሰው አይደሉም» ሲላት ከትርጉም ቤቱ እንደገና ጀመረች፤ የምዝገባው ጊዜ ግን አልጠበቃትም። ያንን ሰሞን ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም።

በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሰው ሁሉ ይህን ይጠንቀቅ። ትርጉሙን ከመረከብሽ በፊት ፓስፖርትሽን ጎኑ ዘርግተሽ ቀኑንና የስምሽን፣ የአባትሽን፣ የአያትሽን ስም አጻጻፍ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ እርሱ ይታረም።

ይህ ጥንቃቄ ግን ለባለጉዳይ ብቻ የሚተው አይደለም። ሰነድ አረጋጋጩ መሥሪያ ቤት በእያንዳንዱ ትርጉም ላይ የኢትዮጵያው ቀን እንዳለ ተጽፎ የአውሮፓው ከጎኑ እንዲቀመጥ ማስገደድ ይችላል። ያን ጊዜ ስህተቱ ሮም ሳይደርስ፣ እዚሁ መስኮት ላይ፣ በዓይን ይታያል።