ተወዳዳሪህ ስትሾም ምን ትጽፍላታለህ?

ክርክሩ የተነሳው ምሳ ተበልቶ ማኪያቶ ሲጠበቅ ነው። ሦስቱም የባንክ ሠራተኞች ናቸው። አንዲት ባልደረባቸው በውስጥ ማስታወቂያ ተወዳድራ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። ከሦስቱ አንዱ ለዚያው ቦታ ተወዳድሮ ቀርቷል። የቴሌግራም ግሩፑ ከጠዋት ጀምሮ በአበባና በ«ይገባሻል» ተሞልቷል፤ እሱ ግን ገና ምንም አልጻፈም።

«አንድ አበባ ጣልበትና ተገላገል፤ ሁሉም ያደረገው እሱን ነው» አለው ጓደኛው።

«አርባ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሲጽፍ ማን ምን እንዳለ አታስታውስም» አለች ሴትየዋ። «የእሱን ግን ፈልጋ ታነባለች፤ ተወዳዳሪዋ ነበራ!»

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የጀመረውን አነበበላቸው። «እንኳን ደስ አለሽ። እኔም ብወዳደር ላንቺ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ዕድለኛ ነሽ። አሁንማ አለቃ ሆነሻል፣ እንዳትረሺን።»

«ዕድለኛ ስትላት ልፋቷን ለዕጣ ሰጠህባት» አለችው። «"እንዳትረሺን" ደግሞ ከወዲሁ ወቀሳ ነው።»

«መወዳደሬንስ ልደብቅ?»

«ታውቀው የለ እንዴ! ከጻፍከው በደስታዋ ቀን አንተን ልታጽናና ነው።»

ጓደኛው አልተዋጠለትም። «ዝም ካለማ ቂም ይዟል ትላለች። ይልቅ ግብዣዋ ላይ ይገኝ፤ እዚያ ነው ሰው የሚታየው።»

ሴትየዋ መልስ አልሰጠችውም። «ስትሠራ ያየኸው ምን አለ?» ብላ ወደ ተወዳዳሪው ዞረች።

ትንሽ አሰበ። የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ማታ አዲሷ ገንዘብ ተቀባይ ጎደለብኝ ብላ ስታለቅስ፣ ሌላው ሰው ቦርሳውን ሲያነሳ፣ ይቺ የተሾመችው ባልደረባቸው አብራት ቁጭ ብላ የቀኑን ወረቀት አንድ በአንድ እንዳገላበጠች ነገራቸው። ሁለቴ የተመዘገበ ገቢ ነበር።

«በቃ፣ እሱን ጻፍላት።»

እኔ በዚህ ከሴትየዋ ጋር ነኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» ምንም ጥፋት የለበትም፤ ከኋላው የሚከተለው ሲጠፋ ነው ባዶ የሚሆነው። ያቺን ማታ ያስታወሰ ሰው እንደማይቀናባት ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን መልእክቱ ለእሷ ብቻ ይላክ። ግሩፑ ላይ ከወጣ የልጅቷን ጉድለት ለአርባ ሰው መንገር ነው፤ እዚያ አጭሯ «እንኳን ደስ አለሽ» ትበቃለች።

የጓደኛውንም ሐሳብ አልጥለውም። ጽፎ ከግብዣው የቀረ ሰው ጽሑፉን ራሱ ያፈርሰዋል። ሽንፈቱ ገና ካልበረደለት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ቢወጣ ማንም አይታዘበውም። መልእክቱ ግን ዛሬውኑ ይሂድ፤ ሳምንት ካደረ መዘግየቱ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ማብራሪያው ደግሞ ወደዚያው ወደ ውድድሩ ይመልሰዋል።