በመታወቂያ «መሐመድ»፣ በካርታ «መሐመድ»

«ቃለ መሐላ ማንም የሚያጽፈው ወረቀት ነው፤ ለአጭበርባሪ በር ይከፍታል። የስም ፊደል ልዩነት ያለበት ሁሉ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ይምጣ።»

ይህን ያሉት ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ባለጉዳይ ሲመልሱ የነበሩ አንድ የሥራ ኃላፊ ናቸው።

አጭበርባሪ! የሌላ ሰው ስም ይዞ ንብረት ሊወስድ የመጣ ሌባ እኮ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ እጅ የተጻፈ ያህል ይገጥማል። ፊደል አዛንፎ የሚቀርብ አጭበርባሪ ሥራውን አያውቅም። በመስኮቱ ፊት የሚንገላታው ሰነዱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በአምስት ስድስት ጸሐፊ እጅ ያለፈበት ሐቀኛ ሰው ነው። «ስሙን አስተካክሎ ያላስጻፈ ራሱን ይውቀስ» የሚሉም አሉ። መታወቂያውን የጻፈው ማን ሆነና?

ደግሞ ይህን በድሬዳዋ መናገር! እዚህ አንድ ስም በሦስት ፊደል ቤት ያድራል። ሶማሊኛ በ1965 ዓ.ም. የላቲን ፊደልን ሲይዝ ሐ በ x፣ ዐ በ c ተጻፈች። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን ሲይዝ ያችው x ጠ ሆነች፣ ያችው c ጨ ሆነች። ስለዚህ በሶማሊኛ ትምህርት ቤት Maxamed ተብሎ የተመዘገበውን ልጅ በቁቤ የተማረ ጸሐፊ «ማጠሜድ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። Cabdi ደግሞ ለአንዱ አብዲ፣ ለሌላው ጨብዲ፣ እንግሊዝኛ ለለመደው ካብዲ ነው። ፓስፖርት ሲወጣ Mohammed ይጨመራል። ልጁ ግን ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ያው አንድ ልጅ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ካስፈለገ ፊደሎቹ ይከሰሱ።

አማርኛውስ ብቻውን መች አረፈልን? መሐመድ፣ መሀመድ፣ መሃመድ፦ ለጆሮ ልዩነት የላቸውም፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። እንዲያውም በኃላፊው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከላይ «ቃለ መሐላ»፣ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ቃለ መሃላ» ይላል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ አላየሁም።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ፋጡማን አብሬ ይዤ የሄድኩት በዚህ ጉዳይ ነበር። መታወቂያቸው «ፋጡማ መሐመድ»፣ የቤት ካርታቸው «ፋጡማ መሀመድ» ይላል። ደጅ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጸሐፊ ቃለ መሐላውን በአሥር ደቂቃ ጨረሰ። ወይዘሮ ፋጡማ ማሉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም ተደረገበት። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን «በመታወቂያዬ ላይ መሐመድ፣ በካርታዬ ላይ መሐመድ ተብሎ የተጻፈው ስም የእኔ የአንድ ሰው ነው» ይላል። ልጁ ስሕተት ያገኘ መስሎት አስተካክሎላቸዋል! ማስተካከሉ ወረቀቱን ገደለው። ልዩነት የማይታይበት ወረቀት ምንም አያስረዳም።

ይህ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ሁለቱ አጻጻፎች ከነስሕተታቸው፣ ፊደል በፊደል ሲገለበጡ ነው። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሰነዱ ዓይነት፣ ቁጥርና የተሰጠበት ቀን ይግባ፤ ከእንግዲህ የሚሠራበት የትኛው እንደሆነ ይነገር፤ የአያትና የእናት ስም ይጨመር፤ ሁለት ሰነዶቹን አይተው የሚያውቁ ምስክሮች ይፈርሙ። በሐሰት የማለ በወንጀል ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ኖሮ «ማንም የሚያጽፈው ወረቀት» ማለት ንቀት ነው።

ፍርድ ቤትስ ቢኬድ ምን ይደረጋል? መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሁለት ምስክሮች ቀርበው ይምላሉ፣ «አንድ ሰው ናት» ይላሉ። ያው መሐላ ነው፤ በወራት ቀጠሮ የተራዘመ መሐላ። ዳኛ ፊት መቅረብ ያለበት ስሙ ራሱ የተለወጠ፣ የአያት ስም ወይም የትውልድ ዘመን የማይገጥም ሰው ነው። በዚህ አልከራከርም። መዝገቡ ራሱ ይታረም የሚል ጥያቄም መንገዱ ሌላ ነው። ሐ እና ሀ ግን ክርክር የላቸውም።

ሁለተኛውን ወረቀት አጠገቡ ቆሜ አስጻፍኩ። ጸሐፊው ዳግመኛ እንዳያስተካክልብን «በሐመሩ ሐ የተጻፈው መሐመድ እና በሃሌታው ሀ የተጻፈው መሀመድ» አስባልኩት፤ የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህም ጠቀመኝ። ወይዘሮ ፋጡማ «ልጄ፣ አሁንስ ያልቅልን ይሆን?» እያሉ እንደገና ማሉ።

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብለው በጥሞና አነበቡት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

«እሺ፤ ይህ ሐመሩ የተባለው ግለሰብ ደግሞ ማን ነው?»