ክርክር፦ የተክለ ሃይማኖቱ ቤት፣ ሚስትና የእንጀራ ልጆች

የጠያቂዋ ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ኑዛዜ ሳይተው አረፈ። 12 ዓመት በትዳር ኖረናል፤ አንድ ወንድ ልጅ ወልደናል። ከሟች የመጀመሪያ ሚስቱ ሁለት ልጆች አሉት። እኔም ይዤያት የመጣሁትን ሴት ልጅ አሳድጎልኛል። ተክለ ሃይማኖት ያለው ቤት ከድሮ ሚስቱ ጋር የሠሩት ነው። ሚኒባሱን የገዛነው ግን አብረን ነው። ትልልቆቹ ልጆች ውጪልን ይሉኛል። የኔ ድርሻ ስንት ነው?»

የእድር ጸሐፊዋ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? የንብረቱ ግማሽ የሚስት ነው። የቀረውንም ከልጆቹ ጋር እኩል ትካፈላለች። እኔም ሁለተኛ ሚስት ነበርኩ። ባሌ ሲሞት ግማሹ ለኔ ተቆረጠልኝ፤ የእንጀራ ልጆቼም ዝም አሉ።

ጠበቃው፦ እትዬ፣ ምን ነበር የተቆረጠልዎት?

የእድር ጸሐፊዋ፦ ጡረታው ነዋ!

ጠበቃው፦ ጡረታ ከውርስ አይገባም። የሚከፈለው በራሱ በጡረታ ሕግ ነው። በውርስ ሕጋችን ግን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 842፣ መጀመሪያ የሚጠራው ልጆችን ነው። ከልጆች ቀጥሎ ወላጆች አሉ፣ ሌሎች ዘመዶች አሉ። ዘመድ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ንብረቱ ለመንግሥት ይሄዳል እንጂ ለሚስት አይደርስም። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ታዲያ ግማሽ የሚባለው ወሬ ነው?

ጠበቃው፦ ወሬ አይደለም፤ ግን ውርስ አይባልም። በትዳር ውስጥ ካፈሩት የጋራ ሀብት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው። ውርስ የሚጀምረው የሷ ግማሽ ከወጣ በኋላ ነው። ጠያቂዋ ሚኒባሱን አብረን ገዛነው ብላለች። ሊብሬው በሱ ስም ብቻ ቢሆንም የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። «ከትዳሩ በፊት በነበረው ታክሲ ሽያጭ የተገዛ ነው» የሚሉት ልጆቹ ከሆኑ ማስረዳትም የነሱ ፋንታ ነው። 1.8 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ 900 ሺው የሷ ነው። ሌላው 900 ሺ ለሦስቱ ልጆች 300 ሺ፣ 300 ሺ ይደርሳል።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ቤቱስ?

ጠበቃው፦ ቤቱ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ የአባትየውን ሞት ብቻ ያያል። የመጀመሪያዋ ሚስት ስትሞት የቤቱ ግማሽ የሷ ነበር። ያ ግማሽ ያኔውኑ ለሁለቱ ልጆቿ ተላልፏል፤ ካርታው ላይ ስም ባይቀየርም። አባትየው ወደ አዲሱ ትዳር ይዞት የመጣው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢገመት፣ ሁለቱ ከእናታቸው 1.5 ሚሊዮን፣ 1.5 ሚሊዮን አላቸው። የአባት 3 ሚሊዮን ለሦስቱ ልጆች ሲካፈል ትንሹ 1 ሚሊዮን ያገኛል። ትልልቆቹ በድምሩ 2.5 ሚሊዮን፣ 2.5 ሚሊዮን ይሆናል።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ለሚስት ዜሮ! አስታመመች፣ አጠበች፣ ቀበረች። እነዚያ ሁለቱ የት ነበሩ?

ጠበቃው፦ እነሱም እናት የሞተችባቸው ልጆች ናቸው። የእናታቸው ላብ ያለበትን ቤት በኋላ የመጣ ሰው ቢወስደው ደስ ይልዎታል?

የእድር ጸሐፊዋ፦ በኋላ የመጣች! 12 ዓመት አጭር ነው እንዴ? ከጓሮው ያሉት ሰርቪስ ቤቶችስ? በእቁቧ ብር አሠርታቸው ከሆነ?

ጠበቃው፦ እሱማ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤቱ የሷ አይሆንም፤ በትዳሩ ጊዜ ከጋራ ገንዘብ የወጣውን ወጪ ግን መጠየቅ ትችላለች። የእቁብ ደብተር፣ የብሎኬትና የሲሚንቶ ደረሰኝ፣ ግንበኛው ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ከሰርቪሶቹ የተሰበሰበው ኪራይም ባንክ ካለ የጋራ ነው ብላ መከራከር ትችላለች።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ይዛት የመጣችው ልጅስ? አሳደጋት፤ ትምህርት ቤትም በሱ ስም ነው የምትጠራው። ጉዲፈቻ ማለት ይኸው አይደል?

ጠበቃው፦ አይደለም። ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ውል ይፈልጋል። ያ ካለ ልጅቷ ከሌሎቹ እኩል ትወርሳለች፤ ቁጥሩም ሁሉ ይቀየራል። ከሌለ የትምህርት ቤት ካርድ ወራሽ አያደርጋትም። እዚህ ላይ ሕጉ ይከብደኛል፤ ግን ይኸው ነው።

የእድር ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ዛሬ መጥተው ቁልፍ ቢቀይሩባትስ?

ጠበቃው፦ አይችሉም። ቤቱ ገና አልተከፈለም፤ ትንሹ ልጇም ባለድርሻ ነው። ልጁ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ደግሞ ሞግዚቱ እሷ ናት። አንደኛ የልጇን የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤት ታውጣ። ሁለተኛ የጋራ ሀብቱ ተለይቶ እንዲጣራ ትጠይቅ። ሳይጣራ «ተካፍለናል» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ብዙ ሚስት የምትጎዳው እዚያች ፊርማ ላይ ነው።

የእድር ጸሐፊዋ፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እናታቸው የሞተችው ከ20 ዓመት በፊት ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው፣ ዛሬ «የእናታችን ግማሽ» ማለት ይቻላል?

ጠበቃው፦ አገኙኝ። የዚያው ሕግ ቁጥር 1000 የውርስ ክስ የሚቀርበው ባወቁ በ3 ዓመት፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ነው ይላል፤ ይርጋ የሚባለው ይኸው ነው። ግን ልጆቹ እዚያው ቤት አብረው እየኖሩ ከነበር፣ «ንብረቱ በእጃችን ነበር፤ የምንከሰው ማንን ነበር?» ይላሉ። የሷ ጠበቃ ይርጋን ያነሳል፤ የነሱ ደግሞ አብሮ መኖራቸውን። እኔ ለነሱ ብቆም አላፍርም።

የእድር ጸሐፊዋ፦ እኔ ደግሞ ለሷ!