ፖስታው ለምን ታሸገ?

«መምህር፣ እንድናነብ የተሰጠን እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ነው። የጥናት ዘዴውን ክፍል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ታማሚዎቹን በዕጣ ከመደቧቸው አይበቃም ወይ? ዕጣውን በፖስታ ማሸግ፣ ራጅ የሚያነቡትንም ሰዎች ከመረጃው ማራቅ ለምን አስፈለገ?» — አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

አይበቃም። ዕጣ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የወጣው ዕጣ ማንም ሳይነካካው ታማሚው አልጋ ድረስ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። ግራ ያጋባሽ ክፍል በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። የጥናት ዘዴን የምናስተምር ሰዎች ጥፋትም ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ተማሪው «በዕጣ ተመድበዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ከጎኑ ምልክት አድርጎ እንዲያልፍ አስለምደነዋል። ጥያቄው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሙከራው አጭር ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት 107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን በሁለት ቡድን መደበ። ሃምሳ አምስቱ አልጋ ላይ እያረፉ በቀን ሁለት ግራም ስትሬፕቶማይሲን በየስድስት ሰዓቱ ተከፋፍሎ በመርፌ ተሰጣቸው። ሃምሳ ሁለቱ በጊዜው የተለመደውን ሕክምና፣ የአልጋ ዕረፍትን ብቻ አገኙ። መድኃኒቱ በአገሩ እጅግ ጥቂት ስለነበር ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም ነበር።

እስቲ ፖስታውን ለጊዜው እንተወውና ቀለል ያለ መንገድ እናስብ። መጀመሪያ የመጣው ታማሚ መድኃኒቱን ያግኝ፣ ሁለተኛው አያግኝ፣ ሦስተኛው ያግኝ፣ እንዲህ እያለ በተራ ይቀጥል። ለማንም የማያዳላ ይመስላል። አሁን ታማሚዎችን ተቀብሎ ለሙከራው ብቁ መሆናቸውን የሚወስነውን ሐኪም አስቢው። የሚቀጥለው ተራ የመድኃኒቱ መሆኑን ያውቃል። ፊቱ የቆመው ደግሞ በሽታው ክፉኛ የጎዳው፣ የመዳን ተስፋው የመነመነ ሰው ነው። ሐኪሙ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ውድ የሆነው መድኃኒት ሊጠቅመው ለሚችል ሰው ይድረስ ብሎ ማሰቡ ብቻ ይበቃል። «ይህ ሰው ለሙከራው አይሆንም» ይላል፣ ወይም «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ተራው አልተዛባም፤ የተዛባው በተራው ውስጥ የገባው ሰው ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ ላሳይሽ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃነት የማይቀርቡ፣ ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኳቸው ናቸው። መቶ ታማሚዎች አሉ እንበል፤ ሃምሳዎቹ ቀላል፣ ሃምሳዎቹ ጽኑ ሕሙማን። ከቀላሎቹ ከአሥር አንድ፣ ከጽኑዎቹ ከሁለት አንድ ይሞታል። መድኃኒቱ ውኃ ነው፣ ምንም አይሠራም። በትክክል ቢደለደሉ በየቡድኑ 25 ቀላልና 25 ጽኑ ይሆኑና ሟቾቹ እኩል ይሆናሉ። ሐኪሙ ግን አምስት ጽኑዎችን ከመድኃኒቱ ቡድን አሸሽቶ በምትካቸው አምስት ቀላሎችን አስገባ። በመድኃኒቱ ወገን 30 ቀላልና 20 ጽኑ ስለሚሆኑ የሚሞቱት 3 እና 10፣ በድምሩ 13 ናቸው። በሌላው ወገን 2 እና 15፣ በድምሩ 17። ውኃው አራት ሰው «አዳነ» ማለት ነው። ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ስለተመዘገበ መዝገቡን ብታገላብጪም ስህተቱን አታገኚውም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ተመለሺ። የዕጣውን ዝርዝር ያዘጋጀው የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነው፤ በዘፈቀደ ቁጥሮች ተመርቶ፣ ለየሆስፒታሉና ለየፆታው ለየብቻ አዘጋጀው። ዝርዝሩን ሐኪሞቹ አያውቁትም። እያንዳንዱ ዕጣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፤ ከላዩ የሚነበበው የሆስፒታሉ ስምና ተራ ቁጥር ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ቡድን ታማሚውን መርምሮ «ለሙከራው ይሆናል» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ነው በማዕከላዊው ቢሮ ቁጥሩ የደረሰው ፖስታ የሚከፈተው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፦ ተቀባይነት ይቀድማል፣ ፖስታው ይከተላል። ፖስታው ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ የሂል ቁጥሮች የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆኑ ያው ሐኪም ያው በር ላይ ይቆም ነበር። ፖስታም ቢሆን እንከን አያጣውም፤ ስስ ወረቀት ብርሃን ላይ ሲያዝ ይነበባል፣ ተራው ያልደረሰም ፖስታ ሊከፈት ይችላል። ፖስታዎቹ ታማሚውን ከሚቀበለው ሐኪም ጠረጴዛ ርቀው በማዕከል መቀመጣቸው ከማሸጉ ያላነሰ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው።

ዕጣው ሳይነካካ መውጣቱን የሚጠቁም ነገር በውጤቱ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ አለ፣ እርሱንም አትዝለይው። ሙከራው ሲጀመር አጠቃላይ ሁኔታቸው ደካማ የነበሩት በመድኃኒቱ ቡድን ከ55 ታማሚዎች 30፣ በሌላው ቡድን ከ52 ታማሚዎች 24 ነበሩ። ዕጣ ፍጹም እኩልነትን አይሰጥም፤ እንዲያውም እዚህ ትንሽ የከበደው በመድኃኒቱ ወገን ላይ ነው። አንድ ሐኪም መድኃኒቱን ለማገዝ መርጦ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ወደ ሌላው ወገን ባጋደለ ነበር።

የራጁ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ተማሪን በጣም ያሳስታል። ፖስታው የሚጠብቀው መግቢያውን ነው፣ ማን የት እንደሚመደብ። የራጁ ጥንቃቄ የሚጠብቀው መውጫውን ነው፣ ማን ተሻለው ተብሎ እንደሚመዘገብ። ሁለት የራጅ ሐኪሞችና አንድ ሌላ ሐኪም ፊልሞቹን ለየብቻቸው፣ የማን ፊልም ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ሳያውቁ አነበቡ። ምክንያቱም ሳንባ ላይ ያለ ደብዛዛ ጥላ «ቀንሷል» ወይስ «እንደነበረ ነው» የሚለው የዓይን ፍርድ ነው፤ ዓይን ደግሞ የተመኘውን ማየት ይቀናዋል። በስድስት ወር ውስጥ ጉልህ መሻሻል ታየባቸው የተባሉት በመድኃኒቱ ቡድን 28፣ በሌላው 4 መሆናቸውን የማምነው አንባቢዎቹ ስላላወቁ ነው። ሞት ግን ይህን ጥንቃቄ አይፈልግም፤ በዚያው ጊዜ የሞቱት በመድኃኒቱ ቡድን 4፣ በሌላው 14 ነበሩ፣ ማንም ቢቆጥራቸው ያው ናቸው።

የሙከራው ደካማ ጎንም አለ። ለንጽጽር ቡድኑ የውሸት መርፌ አልተሰጠም፤ በቀን አራት ጊዜ ለወራት ሰው መውጋት ተገቢ አይደለም ተባለ፣ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር፤ እንክብካቤያቸው ለሁሉም እኩል መሆኑን ዘዴው አያረጋግጥም። የንጽጽር ቡድኑ ታማሚዎች ደግሞ በጥናት ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም፤ ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይኖርም፣ መኖርም የለበትም።

የሚቀጥለው የቤት ሥራሽ ጽሑፍ «በዕጣ ተመድበዋል» ብሎ ዝም ቢል፣ ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ኅዳጉ ላይ ይህን ጻፊ፦ ዝርዝሩ በማን እጅ ነበር? ታማሚውን የተቀበለው ሰውስ ያን ጊዜ የሚቀጥለውን ዕጣ ያውቅ ነበር? መልሱን ከጽሑፉ ካጣሽው ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ ክፍል ግቢ።