«ያለ ደረሰኝ በ84 ሺህ» እያላችሁ አታቃጥሉን

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬስ ሳልናገር አላድርም። ባሕር ዳር ሱቅ በገባሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀድመኛል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ገና ዕቃውን አላየሁም፣ ዋጋውንም አልጠየቅሁም። ይቺ ጥያቄ በጥር ወር ብቻ 4,000 ብር አስወጥታኛለች። ቅናሽ አገኘሁ ብላችሁ የምትደሰቱ ነጋዴዎች ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጣና ዳር ትንሽ የዓሣ ምግብ ቤት አለችኝ። ቫት ተመዝግቤያለሁ። ጥር ለኛ ጥሩ ወር ነው፤ ጥምቀት አለ፣ እንግዳ አለ። በዓሉ ሊደርስ ሲል ፍሪጄ ሥራ አቆመ። ዓሣ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ከወጥ ቤት መውጣት ስላልቻልኩ የእህቴን ልጅ ላክሁት። አመሻሽ ላይ ፍሪጁን በባጃጅ ጭነት አስመጥቶ ደረሰ። ፊቱ በርቷል። «አክስቴ፣ በደረሰኝ 92 ሺህ አሉኝ፣ ያለ ደረሰኝ 84 ሺህ። 8 ሺህ ብር አተረፍኩልሽ!» አለኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ማንም ሰው ቢሆን እንደዛ ነው የሚያስበው። ለቤቱ የሚገዛ ሰው ቢሆን እውነትም 8 ሺህ ይቀርለታል። ቫት ለተመዘገበ ነጋዴ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

92 ሺው ውስጥ ምን አለ? 80 ሺው የፍሪጁ ዋጋ ነው። 12 ሺው 15 በመቶ ቫት ነው። ደረሰኙን ብይዝ ኖሮ ያቺ 12 ሺህ በወሩ ሪፖርት ላይ «የግዢ ቫት» ሆና ትገባና ከምከፍለው ላይ ትቀነስልኝ ነበር። ስለዚህ ፍሪጁ ለኔ የሚያወጣው 80 ሺህ ነው። ያለ ደረሰኝ ግን 84 ሺው በሙሉ የኔ ወጪ ሆኖ ቀረ። ሻጩስ? በደረሰኝ ቢሸጥ እጁ ላይ የሚቀረው 80 ሺህ ነበር፤ 12 ሺውን ለመንግሥት ያስገባል። አሁን 84 ሺህ ያዘ። 8 ሺህ የሰጠኝ መስሎ 12 ሺህ አሳጣኝ። ልዩነቷ 4 ሺህ እሱ ኪስ ገባች። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው!

የወሩን ሒሳብ እንዳለ ላሳያችሁ። የጥር ሽያጬ ከነቫቱ 460 ሺህ ብር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎረቤቴ ጠቅላላውን በ15 በመቶ ታባዛለች። 460 ሺህ በ15 በመቶ 69 ሺህ ይመጣል። ልክ አይደለም። ምክንያቱም 460 ሺው ውስጥ ቫቱ ቀድሞ ገብቷል፤ በቫት ላይ ቫት እያሰበች ነው። መጀመሪያ ለ1.15 ማካፈል ነው። 400 ሺህ ይመጣል። እሱ ነው ሽያጩ። ቀሪው 60 ሺህ ነው ቫቱ። በአንድ ወር 9 ሺህ ብር ልዩነት ማለት ነው። ደረሰኝ የምንቆርጥበት ማሽን ራሱ የሽያጩንና የቫቱን ድምር ለይቶ ያወጣል፤ ከሱ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ይህ 60 ሺህ የኔ ገንዘብ አይደለም። እንግዶቼ ከሒሳባቸው ጋር የከፈሉት ነው፤ እኔ ይዤው ነው የቆየሁት። ከሱ ላይ የምቀንሰው እኔ ስገዛ የከፈልኩትን ቫት ነው። በጥር ለመጠጥ 138 ሺህ ከፍዬ ውስጡ 18 ሺህ ቫት አለ። ለቤት ኪራይ 23 ሺህ ከፍዬ 3 ሺህ ቫት አለ። ድምሩ 21 ሺህ ነው። 60 ሺህ ሲቀነስ 21 ሺህ፣ 39 ሺህ ብር። የከፈልኩት ይህንን ነው። የፍሪጁ 12 ሺህ ብትገባ ኖሮ ግን የግዢ ቫቴ 33 ሺህ ይሆንና 27 ሺህ ከፍዬ እገላገል ነበር።

ከኪሴ የወጣውን ደምሩት። በደረሰኝ ቢሆን ለፍሪጁ 92 ሺህ፣ ለቫት 27 ሺህ፤ 119 ሺህ። ያለ ደረሰኝ ለፍሪጁ 84 ሺህ፣ ለቫት 39 ሺህ፤ 123 ሺህ። ያቺው 4 ሺህ ናት።

«21 ሺህ ብቻ? ዓሣውስ?» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ድሮ የሒሳብ ሠራተኛዬን የጠየቅኋት ይህንኑ ነው። በጥር ለቆሮሶና ለአምባዛ ብቻ 90 ሺህ ብር አውጥቻለሁ። ነገር ግን የምገዛው ጠዋት ጠዋት ከጣና ከሚመጡ ዓሣ አጥማጆች ነው። እነሱ ቫት አልተመዘገቡም፤ እኔም ስገዛ ቫት አልከፈልኳቸውም። ያልከፈልኩት ቫት ደግሞ አይቀነስም። ዓሣው ተጠብሶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ግን በሙሉ ዋጋው ላይ 15 በመቶ ይታሰባል። ቲማቲሙና ሽንኩርቱም ከቅዳሜ ገበያ እንደዚያው ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው የምግብ ቤት ቫት ከፍ ብሎ የሚታየው። ዋናው ግዢያችን ምንም የሚቀነስ ነገር አያመጣልንም። ስለዚህ በደረሰኝ የምንገዛት እያንዳንዷ ዕቃ ለኛ ትልቅ ነገር ናት።

ደረሰኝ መያዝ ብቻም አይበቃም። በታኅሣሥ አንድ የመጠጥ ደረሰኝ ሳይያዝልኝ ቀርቷል። ቫቱ ተለይቶ ተጽፏል፣ የሻጩ ቲን አለ፤ የኔ ስምና ቲን ግን የለበትም። ማን እንደገዛው አይታወቅማ! ያኔ ካሸሯን ቲኔን አስገቢልኝ ስላት «ሰልፉ ረጅም ነው» ብላ ዝም አለችኝ። አሁን ቲኔ ሳይገባ ከባንኮኒው ንቅንቅ አልልም፤ ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው ቢቆጣም ይቆጣ። የማሽን ደረሰኝ ደግሞ ቶሎ ይደበዝዛል። እኔ ኪችን ግድግዳ ላይ ሰክቼው ከምድጃው ሙቀት የተነሳ ነጭ ወረቀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዚያኑ ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

አንዳንድ ወር የግዢ ቫቱ ከሽያጩ ቫት ይበልጣል። ክረምት ላይ እንግዳ ጠፍቶ ጄኔሬተር የገዛሁበት ወር ነበር። ያን ወር የምከፍለው አልነበረም፤ የበለጠው የግዢ ቫት ወደሚቀጥለው ወር ተሻገረልኝ። ያ ሁሉ የሆነው የጄኔሬተሩ ደረሰኝ በእጄ ስለነበረ ነው።

ወደ ፍሪጁ ልመለስ። ሒሳቡን ካየሁ በኋላ ልጁን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «ቀሪውን 8 ሺህ ልጨምርና ደረሰኙን ቁረጥልኝ» አልኩት። «እናቴ፣ እሱ እኮ ያለ ደረሰኝ የወጣ ዕቃ ነው፤ አሁን አይሆንም» አለኝ። ብለምነውም፣ ብቆጣውም ያው ነው። ሪፖርቱ በ39 ሺህ ገባ።

ትናንት ማታ ደግሞ ፍሪጁ መጮህ ጀመረ፤ በረዶም አልይዝ አለ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ተብሎ ነበርና ጠዋት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። «ደረሰኙን ይዘው ይምጡ» አለችኝ።